ሁለቱም «100W» ይላሉ

ባለፈው ሳምንት ማታ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከጅዳ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ። ለእማዬ ሶላር ልገዛላት ነው። ነጋዴው ሁለቱም ባለ 100 ዋት ናቸው ይላል፣ አንዱ ግን በግማሽ ዋጋ ነው። የትኛውን ላስገዛ?»

እናቷ ያሉበት ገጠር መብራት አልገባም። ልጅቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ያጠራቀመችው ብር ነው። እኔ ደግሞ እራቴን እየበላሁ ፎቶውን አየት አደረግኩና ምን ብላት ጥሩ ነው? «አንድ ናቸው፣ ርካሹን ውሰጂ!»

ለምን እንደዛ አልኩ? ሁለቱም ጥቁር ፓኔል፣ ተመሳሳይ ፍሬም ነበራቸው። አጠገባቸው ያለው ሰማያዊ ኮንትሮለርም አንድ ዓይነት ነው፤ ጽሑፉ 12V/24V 10A ይላል። ነጋዴውም «12 በ10 ሲባዛ 120 ነው፣ ስለዚህ 100 ዋቱን በደንብ ይሸከማል» ብሏታል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ስለ ፓኔሉ ምንም አይነግረንም። የኮንትሮለር 10A ማለት ቢበዛ ይህን ያህል አሳልፋለሁ ማለት ነው እንጂ ይህን ያህል ይመጣልኛል ማለት አይደለም። ጀሪካን ላይ 20 ሊትር ተብሎ ስለተጻፈ ውስጡ 20 ሊትር ውሃ አለ አንልም አይደል?

ተኝቼ ሳለ ይሄ ነገር ከነከነኝ። ተነስቼ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። «100W» የሚለው ፊት ለፊት የተለጠፈ ስቲከር ነው፤ የጀርባው ጽሑፍ ፎቶው ውስጥ የለም። ወዲያው ደወልኩላት። ደግነቱ ብሩን ገና አልላከችም። «ነጋዴውን ሁለት ነገር ጠይቂው፤ የጀርባውን ጽሑፍ በቅርበት አንስቶ ይላክልሽ፣ ከዚያ ፓኔሉ ላይ አንድ ኤ4 ወረቀት አስቀምጦ እንደገና ያንሳው» አልኳት።

በማግስቱ ፎቶዎቹ መጡ። የውዱ ጀርባ Vmp 18V፣ Imp 5.56A ይላል። 18 በ5.56 ሲባዛ 100 ነው። የርካሹ ጀርባም Vmp 18V ይላል፣ Imp ግን 1.67A። 18 በ1.67? 30 ዋት! ፊቱ ላይ 100 የለጠፈው ሰው ጀርባውን መቀየር ረስቷል።

ጀርባውንም ቀይሮት ቢሆንስ? ወረቀቷ የምትጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ቀትር ላይ ጥርት ያለ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት ይሰጣል፣ ጥሩ ፓኔል ከዚያ አንድ አምስተኛውን ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። በዚህ ሂሳብ አንድ ኤ4 ወረቀት የሚያህል ቦታ 12 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ዋት ፓኔል ቢያንስ ስምንት ወረቀት መያዝ አለበት። ውዱ ስምንት ተኩል ያህል ይይዛል፣ ርካሹ ሦስት እንኳ አልሞላም። ለየብቻ ግድግዳ አስደግፈው ስላነሷቸው ነው እኩል የመሰሉት።

ነጋዴው ግን አልተሸነፈም። በመልቲሜትር ለክቶ ሁለቱም 21 ቮልት ሲያሳዩ ቪዲዮ ላከላት። ልጆች፣ በዚህ እንዳትታለሉ! ቮልቴጁን የሚወስነው በተከታታይ የተያያዙት ሴሎች ብዛት ነው፤ ትንሽ ፓኔልም ሴሎቹ ትንንሽ ሆነው ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ያንኑ ቮልት ያሳያል። ከስፋቱ ጋር የሚያድገው አምፔሩ ነው። መለካት ከተፈለገ ቀትር ላይ ፓኔሉን ከኮንትሮለሩ ነቅሎ፣ መልቲሜትሩን 10A ዲሲ ላይ አድርጎ የፓኔሉን ሁለት ገመዶች መንካት ነው። ትልቁ ወደ 6፣ ትንሹ ወደ 2 አምፔር ይጠጋል። ይህን ፓኔል ላይ ብቻ ነው የምታደርጉት፤ ባትሪ ላይ ከሞከራችሁት ያቃጥላችኋል።

ልዩነቱ ለእናቷ ምን ማለት ነው? ልጅቷ ያሰበችው 40 ዋት ቴሌቪዥንና ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል፣ ማታ ማታ ለአራት ሰዓት ነው። ይህ 220 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢገኝና በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 30 ዋቱ 100 ገደማ ያመጣል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ይጨልማል። 100 ዋቱ 350 ገደማ ያመጣል፤ ደመና ለሆነበት ቀንም ትንሽ ይተርፈዋል።

ውዱን ገዛች። ትናንት እናቷ ደውለው ሲመርቁኝ አፈርኩ፤ የመጀመሪያውን መልሴን አልሰሙማ! ስንት ዓመት P = VI ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ሰው በኮንትሮለር መልክ ልታለል ነበር። ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኩልኝ ጀርባውንና ወረቀቷን አትርሱ፤ እኔም እራቴን ጨርሼ ነው የማየው።