«ልናጋራ እንችላለን»

«አገልግሎታችንን ለማሻሻል የግል መረጃዎን ለአጋሮቻችን ልናጋራ እንችላለን።»

ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር በብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ውል ውስጥ ይገኛል። የ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ በሚገባት አማርኛ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ሰባት ቃላት ናቸው፤ አንዱም ከባድ አይደለም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ያልገባት ነገር እንዳለ እንኳ አያስታውቃትም።

በቅድሚያ «ልናጋራ እንችላለን» ምን ማለት እንደሚመስላት ጠየቅኋት። «ላያጋሩም ይችላሉ ማለት ነዋ፣ ጋሼ!» አለችኝ። በተራ ንግግር እውነቷን ነው። በውል ቋንቋ ግን «እንችላለን» ጥርጣሬ ሳይሆን ሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑን የምትሰጠውም «እስማማለሁ» የሚለውን የነካች ጣት ናት። ስለዚህ ግሡን ወደ እርሷ አዞርኩት፦ «እንድንሰጥ ፈቅደሽልናል»። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ባጸደቁት መመሪያ፣ ኩባንያዎች እንዲህ ካለው ድፍን አነጋገር እንዲርቁ አሳስበዋል።

ቀጥሎ ስሞቹን ፈታሁ። «አጋር» ወዳጅነት የሚሸት ቃል ነው። የውሉን የትርጓሜ ክፍል ስመለከት ግን አስተዋዋቂዎችንና የተጠቃሚን ልማድ የሚለኩ ድርጅቶችን የሚያጠቃልል ሆኖ አገኘሁት። «መረጃ» የተባለውም ስልክ ቁጥሯ፣ ያለችበት ቦታና የትኛውን ቪዲዮ ምን ያህል ጊዜ እንዳየች ነው። «ማሻሻል» ደግሞ ማስታወቂያን ከፍላጎቷ ጋር ማዛመድንም ይጨምራል።

«ታዲያ ፎቶዬን ይሸጡታል ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ዓረፍተ ነገሩ «እንሸጣለን» አይልም፤ «አንሸጥም»ም አይልም። ለማስፈራራት ብሎ ያልተጻፈ መጨመር፣ ለማባበል ብሎ የተጻፈውን ከመቀነስ አይሻልም። ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩላት፦

«ስልክ ቁጥርሽን፣ የት እንዳለሽና ምን እንደምታዪ፣ ማስታወቂያ ለሚያሠሩና ልማድሽን ለሚለኩ ሌሎች ድርጅቶች እንድንሰጥ ፈቅደሽልናል። የምንሰጠው ሥራችንን ለማሻሻል ነው፤ ለአንቺ የሚስማማ ማስታወቂያ መምረጥም ከዚያ ይቆጠራል።»

መረዳቷን ለማወቅ «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁሉም «አዎ» ይላልና። ይልቁንስ ጉዳይ ሰጠኋት፦ «እዚህ ስለ ጫማ አየሽ፤ ነገ በሌላ መተግበሪያ የጫማ ማስታወቂያ መጣብሽ። ተፈቅዷል?» «እኔው ፈቅጄ!» አለች። «ሂሳብሽን ብትዘጊስ፣ የወሰዱትን ይመልሳሉ?» ጽሑፉን ደጋግማ አየችው። «ይሄ አልተጻፈም» አለችኝ።

ትክክል ነበረች። ዋናውም ዓረፍተ ነገር ስለዚያ ዝም ብሏል፤ ዝምታውም ሊተረጎም ይገባው ነበርና አንድ መስመር ጨመርን፦ «አንዴ የሰጠነውን እነርሱ እስከ መቼ እንደሚይዙት እዚህ አልነገርንሽም።»

ሰባቱ ቃላት ከሠላሳ በላይ ሆኑ። ለልጅ የሚጻፍ ሁሉ ማጠር አለበት ይባላል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን አጭር የነበረው ማንን፣ ምንንና እስከ መቼን ስለ ተወ ነው።