አራቱ ሳጥኖች ያልመለሱልን ጥያቄ

በመካነ ሰላም ዙሪያ በግ ለማድለብ የተደራጀን ወጣቶች ነን፤ የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ለብድር የሥራ ዕቅድ አምጡ ስንባል የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የስዎት ትንተናውን ከሌላ ማኅበር ዕቅድ ላይ እያየሁ በአንድ ምሽት ሞላሁት። ጥንካሬ፦ የአባላት የሥራ ተነሳሽነት። ድክመት፦ የካፒታል እጥረት፣ የገበያ ትስስር አለመኖር። መልካም አጋጣሚ፦ መንግሥት ለዘርፉ የሰጠው ትኩረት፣ የመንገድ መኖር፣ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ቅርበት። ስጋት፦ የዋጋ ንረት፣ የእንስሳት በሽታ። አባላት በጭብጨባ አጸደቁት። ውሸት የሆነ አንድም ነገር አልነበረበትም።

ብድሩ የተለቀቀው ሰኔ ላይ ነው። ተሰብስበን «አሁን እንግዛ ወይስ እንቆይ?» ስንባባል ሰንጠረዡን የገለጠ ሰው አልነበረም፤ ቢገለጥም መልስ የለውም። ገንዘቡ እጃችን ስለገባ ብቻ ለእንቁጣጣሽ እናደርሳለን ብለን ገዛን። ክረምት ላይ ግን ድርቆሽና የባቄላ ገለባ የተረፈው ገበሬ ለራሱ ከብት ይይዘዋል፤ የሚሸጠውም ዋጋውን ይሰቅላል። በጎቹን በብርዱና በጭቃው ሳል ያዛቸው። ገንዘቡ ሲያልቅብን መኖ ቀነስን። ጳጉሜን ላይ ሥጋ ያልያዘ በግ ነድተን ገበያ ወጣን፣ ነጋዴው በቆረጠልን ዋጋ ሸጥን። ያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በገበያው ላይ ጣልኩት።

ዕቅዱን እንደገና ሳነበው ያፈርኩት በአንድ ነገር ነው፦ የማኅበራችንን ስም ሰርዤ የዶሮ አርቢዎችን ስም ብጽፍበት ማንም አይነቃም። ይህ የእኔ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ኋላ ተረዳሁ። ሂልና ዌስትብሩክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ስዎት የሠሩ 20 የእንግሊዝ ድርጅቶችን ተመልክተው ነበር። ያገኙት ረጅም፣ ጥቅልና ቅደም ተከተል የሌለው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን በኋላ ለውሳኔ የተጠቀመበት አላገኙም።

ለ2018 ዓ.ም. ስናቅድ ከሳጥኖቹ በፊት አንድ ጥያቄ ጻፍን፦ ያለንን ብር በየትኛው ወር በግ እንግዛበት፣ ለየትኛው በዓልስ እንሽጥ? ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ «ይህ ባይኖር መልሳችን ይቀየር ነበር?» እያልን ፈተንነው። የአባላት ተነሳሽነት ወደቀ። የመንግሥት ትኩረትም ወደቀ። ፓርኩ ከመልካም አጋጣሚ ወጣ፤ ለጎብኚ አስጎብኚ ዕድል ነው፣ ለእኛ ግን በግ የማናሰማራበት ጥብቅ ቦታ ነው። «የካፒታል እጥረት» የሚለውን ስንገፋው «ከአንድ ዙር በላይ መኖ የምንገዛበት ብር የለንም» ሆነ። ይህ ሁላችንም እያወቅን በስብሰባ ለመናገር የከበደን ነገር ነበር።

የቀሩትን ጥቂት ነጥቦች እርስ በርስ አጋጨናቸው። ድክመታችን የብር ማነስ፣ ስጋቱ የክረምት መኖ ውድነት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የክረምቱ ዙር ይቀራል፣ ገንዘቡ ሰኔ ላይ ቢለቀቅም እንኳ። ጥንካሬያችን ከመኸር በኋላ ከየቤታችን የሚሰበሰበው የባቄላ ገለባና ድርቆሽ ነው፤ መልካም አጋጣሚው ፋሲካ። በዚያ ዓመት ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 4 ነው። በግ ለመደለብ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈልግ ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር 4 ላይ ያርፋል፤ ገና አልፎ የበግ ዋጋ ረገብ የሚልበት ሰሞን። ወሎ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። አረፋ ግንቦት 19 ገደማ ስለሚሆን፣ ለፋሲካ ያልተሸጠውን በርካሽ ከመጣል ለአረፋ ማቆየት ይቻላል። የአርባ አምስት ቀኑ መኖ ግን ጥር ላይ አብሮ መገዛት አለበት፤ ገዢው አባል በስም፣ የመጨረሻውም ቀን ተጻፈ። አረፋ ላይ የሚታረድ በግ እንከን ስለማይፈለግበት፣ አንካሳና አንድ ዓይና በግ ጥር ላይ ረክሶ ቢገኝም አይገዛም ተባለ። በዕቅዱ የቀረው ይኸው ነው፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

ግማሽ ገጹም ቢሆን የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው። አረፋ የጨረቃን አቆጣጠር ስለሚከተል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ በ2019 ግንቦት 8 ገደማ ይሆናል። ፋሲካው ደግሞ ወደ ሚያዝያ 24 ይሸሻል። በሁለቱ መካከል የነበረው አርባ አምስት ቀን ወደ ሁለት ሳምንት ይጠብባል፤ ለማቆያ የሚገዛው መኖ በዚያው ልክ ያንሳል፣ የግዢውም ቀን ከጥር 4 ወደ ጥር 24 ይገፋል። በእነዚያ ሃያ ቀናት የበግ ዋጋ መልሶ ይወጣል ወይስ እንደረገበ ይቆያል የሚለውን ለማወቅ፣ ከገና ማግስት ጀምሮ በየገበያው ቀን ዋጋ እየጠየቀ የሚመዘግብ አንድ አባል መድበናል።