ዕንቍላል የማይስማማው ልጄ

ከዚህ ቀጥዬ የምጽፈው በገዛ ቤቴ የደረሰውን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ዕንቍላል የማይስማማውን ልጅ ሳሳድግ ከሐኪም የሰማሁትንና በዐይኔ ያየሁትን፥ ይልቁንም በራሴ ስሕተት የተማርሁትን፥ ሕፃን ያላችሁ ቤተ ሰቦች ብታውቁት ይጠቅማል ብዬ አስቤአለሁ።

ልጄ የተወለደው በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ በአሜሪካ በሜሪላንድ ነው። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ጕንጩና የክርኑ እጥፋት በችፌ እየቀላ ያሳክከው ነበር። ብርቱ ችፌ ያለበት ሕፃን ለምግብ አለርጂ፥ በተለይም ለዕንቍላል አለርጂ የተጋለጠ መሆኑን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ምግብ ሲጀምር አጥሚትና ድንች፥ ሙዝም እየሰጠሁት ቈየሁ፤ ዕንቍላሉን ዛሬ ነገ እያልሁ ሳለሁ ዐቢይ ጾም ገባና ኀምሳ አምስት ቀን ሙሉ በቤታችን አንድ ዕንቍላል አልተሰበረም። ዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩት ሕፃኑ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው በሚገባ የበሰለ ዕንቍላል በጥቂት በጥቂቱ እንዲለምድ ነው፤ ማዘግየቱ ከአለርጂ አያድነውም። ብርቱ ችፌ ያለበት ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ሊጠየቅ ይገባል። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፥ የልጄ የመጀመሪያ ዕንቍላል በ2014 ዓ.ም. በትንሣኤ ማለዳ ሆነ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾሙን ስንገድፍ ከዕንቍላል ፍርፍሩ በጣቴ ቈንጥሬ አጐረስሁት። ወዲያው ምላሱን እያወጣ ከንፈሩን በእጁ ያሻሽ ጀመር። ጣዕሙን ጠልቶት ነው ብለን ሳቅን። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ በአገጩና በአንገቱ ዙሪያ ሳማ እንደ ለበለበው ያለ ዕብጠት ወጣ፤ የላይኛው ከንፈሩም አበጠ፤ ከዚያም የበላውን ሁሉ አስመለሰ። ወደ ሆስፒታል ይዘነው ስንሮጥ ትንፋሹ ደኅና ነበረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ የዚያን ቀን ነገሩ ከዚህ አላለፈም።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፥ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከበላ በኋላ በጥቂት ደቂቃ፥ ቢዘገይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል። ትልቅ ሰው «ጕሮሮዬን አሳከከኝ» ይላል፤ ሕፃን ግን ምላሱን ያፍተለትላል፥ ጆሮውን ይጐትታል፥ ያለ ምክንያት እናቱን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። በቆዳው ላይ ብቻ የሚወጣው ሽፍታ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው ድምፁ ሲጐረንን፥ ደጋግሞ ደረቅ ሳል ሲያስለው፥ ትንፋሹ ሲር ሲር ሲል፥ መላልሶ ሲያስመልስ፥ ወይም ሲጫወት የነበረው ልጅ በድንገት ገርጥቶ ዝልፍልፍ ሲል ነው። ይህ የመጨረሻው ምልክት ብዙ እናቶችን ያሳስታል፤ ደክሞት እንቅልፍ የወሰደው ይመስላቸዋልና።

ሐኪሙ በክንዱ ላይ የዕንቍላል ጠብታ አድርጎ ቆዳውን በቀጭን መርፌ ጫር አደረገው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ የወባ ትንኝ እንደ ነከሰው ያለ ዕብጠት ወጣበት፤ ደሙንም መረመረ። ምርመራው አለርጂው መኖሩን ያመለክታል እንጂ፥ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ቀላል ይሁን ብርቱ አስቀድሞ አይናገርም። ስለዚህ አድሬናሊን የተሞላባቸው፥ በጭን ላይ የሚወጉ ሁለት መርፌዎች አዘዘልንና ልጁ ከሚሄድበት ሁሉ እንዳይለዩ አስጠነቀቀን። እኛም በቤታችን የጾምና የፍስክ ዕቃ መለየት ልማዳችን ስለ ነበረ፥ ሦስተኛ ድስትና ማንኪያ ለልጁ መጨመር አላስቸገረንም። (በነገራችን ላይ፥ የኩፍኝ ክትባት ዕንቍላል ለማይስማማው ልጅም ይሰጣል። ወደ አገር ቤት ለመሄድ የቢጫ ወባ ክትባት የሚያስፈልገው ከሆነ ግን ከመወጋቱ በፊት አለርጂውን መናገር ግዴታ ነው።)

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ሲቀረው፥ ሐኪሙ በዱቄት ውስጥ የተጋገረ ዕንቍላል እንሞክር አለን። እኔም፥ «ዶክተር፥ ዕንቍላል መርዝ የሆነበትን ልጅ እንዴት ኬክ ይብላ ይሉኛል?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ነገሩን በትዕግሥት አስረዳኝ። አለርጂ የሚያመጣው በአብዛኛው በነጩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ከፕሮቲኖቹ አንዱ እሳት ሲነካው ቅርጹ ይፈርሳል፤ ሌላው ግን እሳትን የሚቋቋም ነው። ይህ ሁለተኛው፥ ከስንዴ ዱቄት ጋራ ተለውሶ በምድጃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጋገር፥ ከዱቄቱ ጋራ ይተሳሰርና ሰውነት በቀላሉ የማያገኘው ይሆናል። ስለዚህ ዕንቍላል ከማይስማማቸው ሕፃናት ከዐሥሩ ሰባት ያህሉ በሚገባ የተጋገረውን ኬክ ያለ ችግር ይበላሉ። የቀሩት ሦስቱ ግን አይችሉም፤ አንዳንዱም በብርቱ ይታመማል። ልጁ ከሰባቱ ወይም ከሦስቱ ወገን መሆኑን እናት በጓዳዋ ልታውቀው አትችልም፤ የመጀመሪያው ጕርሻ መድኀኒትና ሐኪም ባለበት ክፍል የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

የአሠራሩን ወረቀት ሰጡኝና እቤቴ ጋግሬ ይዤ ሄድሁ። ሁለት ትልልቅ ዕንቍላሎች ከአንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት፥ ከስኳር፥ ከዘይትና ከመጋገሪያ ዱቄት ጋራ ተመትተው በስድስት የማፊን ቅርጽ ይከፈላሉ፤ በያንዳንዱም ማፊን ውስጥ የዕንቍላል ሢሶ ይገኛል ማለት ነው። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሠላሳ ደቂቃ ይጋገራል። መካከሉን በቢላ ጫፍ ወግተው ሲያወጡት ቢላው ደርቆ መውጣት አለበት፤ መካከሉ እርጥብ የሆነ ኬክ ጥሬ ዕንቍላል እንደ መስጠት ይቈጠራል። በቀጠሮው ቀን ልጁ ጕንፋንም ሆነ ትኵሳት እንዳይኖረው ጠየቁኝ፤ በታመመ ሰውነት ላይ ሌላ ጊዜ የሚችለው ምግብ ሊጥለው ይችላልና።

አስቀድመው ከማፊኑ ስምንተኛውን እጅ ሰጡት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላ ስምንተኛ፥ ቀጥሎ ሩቡን፥ በመጨረሻም የቀረውን ግማሽ አበሉት። በየመካከሉ ቆዳውን ያያሉ፥ ደረቱን ያዳምጣሉ። ሁለት ሰዓት አስቈይተውን ምንም ሳይሆን ተመለስን። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንዳንድ ማፊን፥ በዚያው ልክና በዚያው አጋገር፥ ሳይቋረጥ እንዲበላ ታዘዘ።

ሳይቋረጥ የተባለው በመጋቢት አስጨነቀኝ፤ ጾም ገብቶአልና። በጾም ምድጃ ላይ ዕንቍላል ልስበርን? የንስሓ አባታችንን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትም፤ ይህስ መድኀኒቱ አይደለምን? ጋግሪለት» አሉኝ። ስድስት ስድስት እየጋገርሁ በበረዶ ቤት አስቀምጥና በቀኑ የሚበላውን አወጣለት ነበር።

ስሕተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናቴ ከጎጃም መጥታ በዓሉን ከእኛ ጋራ ትውል ነበረችና፥ ደስታዬን ልነግራት ብዬ «እማዬ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጁ አሁን ዕንቍላል መብላት ጀመረ» አልኋት። ያልሁት ይህን ብቻ ነው። በትንሣኤ ጧት እኔ እንግዳ ስቀበል፥ እርሷ ከዶሮ ወጡ ውስጥ የዕንቍላሉን ነጭ ቈርሳ በእንጀራ አጐረሰችው። ኋላ ስትናገር፥ «ከሌሊት ጀምሮ በወጥ ውስጥ የነበረ ነው፤ ከኬክ ይልቅ የበሰለ አይደለምን?» አለች። አልፈረድሁባትም፤ የምትለው ለሰሚው እውነት ይመስላል። ነገር ግን የተቀቀለ ዕንቍላል ምንም ያህል ቢበስል ከዱቄት ጋራ አልተዋሐደም፤ መጠኑም ቢሆን በማፊን ውስጥ የዕንቍላል ሢሶ ብቻ ሲኖር፥ እርሷ ያጐረሰችው የነጩን ግማሽ ያህል ነበረ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ ሁለት ጊዜ አስመለሰ፤ ከዚያም ያስለው ጀመር፤ «እማ» ሲለኝ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበረ። እኔ ሞኟ የአለርጂውን ሽሮፕ ፍለጋ መሳቢያ እከፍት ነበር። ሽሮፑ የቆዳውን ማሳከክ ያበርዳል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም፤ ይህንን እያወቅሁ ነው መርፌውን ፈርቼ ደቂቃዎችን ያባከንሁ። ባለቤቴ ልጁን መሬት ላይ በጎኑ አስተኛውና መርፌውን በሱሪው ላይ በጭኑ ውጫዊ ጎን ወጋው፤ ክብደቱ 15 ኪሎ ስለ ሆነ የታዘዘለት 0.15 ሚሊግራሙ ነበር። ወዲያውም 911 ደወልን። ሁለተኛው መርፌ በእጃችን ሆኖ ጠበቅን፤ በዐምስት ደቂቃ ውስጥ የማይሻለው ከሆነ እርሱም ይወጋ ነበር። አላስፈለገም፤ ሳሉ ረገብ አለ፥ ፊቱም ደም መሰለ። ቢሻለውም ሆስፒታል ወሰዱትና እስከ ማታ አስቈዩት፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ዳግመኛ ሊመለስ ይችላልና። እናቴ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ስታለቅስ ዋለች። ጥፋቱ የእኔ እንደ ሆነ ብነግራትም አልተጽናናችም።

ሐኪሙ ማፊኑን እንዳናቋርጥ አዘዘ፤ ልጁ የሚችለውን ምግብ ከቤት ማስወጣት ወደ ኋላ መመለስ ነው አለን። ከዚያ ወዲህ «ዕንቍላል ይበላል» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ «በዱቄት ተጋግሮ ሠላሳ ደቂቃ የቈየውን ብቻ ይበላል» እላለሁ፤ ለሞግዚቷም፥ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህርም እንዲሁ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። በላዩ ዕንቍላል የተቀባ ዳቦ ሳይቀር ከዚህ ውጭ ነው፤ ቅቡ ከዱቄቱ ጋራ አልተለወሰምና።

በ2018 ዓ.ም. በመስከረም ወር የቆዳው ምርመራ ሲደገም ዕብጠቱ ከመጀመሪያው በጣም አንሶ ተገኘ። በጥቅምት ወር በሐኪሙ ክፍል ተቀምጦ ፓንኬክ በላ፤ ፓንኬክ ዱቄት ቢኖረውም በምጣድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚበስል ከማፊኑ በኋላ የሚመጣ ደረጃ ነው። ደኅና ሆነ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የተቀቀለ ዕንቍላል ነው፤ እርሱም የሚሞከረው በዚያው ክፍል ነው። እስከዚያ ድረስ እናቴ በዓል በመጣ ቍጥር አስቀድማ የልጁን ዶሮ ወጥ ያለ ዕንቍላል በትንሿ ድስት ለብቻው ትሠራና፥ ከድነን በምድጃው ጥግ እናስቀምጠዋለን።