«አይቼ ገዝቻለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ምን ይጻፍ?

ረቡዕ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ አንድ የሂሳብ መምህር ውልና ማስረጃ ቀርቦ ፈረመ። የሁለት ዓመት ዕቁቡን፣ የሚስቱን ቁጠባና ከእህቱ የተበደረውን ገንዘብ ደምሮ ያገለገለች የጃፓን ሥሪት አውቶሞቢል ገዛ። ውሉ ላይ ሁላችንም የምናውቃት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «መኪናዋን አይቼና አስመርምሬ አሁን ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ።» ደላላው ኮሚሽኑን ተቀበለ፣ ሻጩ ቁልፉን ሰጠ፣ «መልካም መንዳት» ተባባሉና ተለያዩ።

እሁድ ኅዳር 8 ቤተሰቡን ይዞ ቢሾፍቱ ሄደ። ሲሄድ ሰላም ነበር። ሲመለስ ግን ዱከምን እንዳለፈ የሙቀት መርፌው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ያደረገው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነበር። «ቤት ደርሶ ይታያል» ብሎ ቢነዳት ኖሮ ቴስታታው በሙቀት ይጎብጥ ነበር፤ ሻጩም «መኪናዋን ያቃጠልካት አንተ ነህ» ለማለት በቂ ምክንያት ያገኝ ነበር። መኪናዋ ተጎትታ አዲስ አበባ ገባች፤ የጎታቹን ደረሰኝም ኪሱ ከተተ።

ሰኞ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አስነሳት። ውሃው አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ትንሽ አረፋ መጀመሪያ ላይ ቢታይ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው ግን አላቆመም፤ ነዳጅ ሲረገጥ እንዲያውም ባሰበት። መካኒኩ ሰማያዊ የመፈተሻ ፈሳሽ ያለበትን ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰካ። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ተቀየረ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እያመለጠ ነው። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጋርኒሲዮን ተበልቷል።

ይህ ብቻ ቢሆን ሻጩ «እኔ ስሸጥልህ ደህና ነበረች፣ አንተ ጋ ተበላሸች» ሊል ይችላል። ያገለገለ መኪና ነውና ነገ የሚበላሸውን ማን ያውቃል? ክርክሩ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ብልሽቱ ርክክቡ በተፈጸመበት ቀን ነበረ ወይስ አልነበረም?

መልሱ ከሁለት ነገር መጣ። አንደኛ፣ ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ነበረው፤ ቱቦዎቹ ውስጥም ደርቆ ተለጥፏል። ይህ ቀዳዳ ለመድፈን ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት የሚተወው ዓይነት ቅሪት ነው። በመካኒኩ አስተያየት በአራት ቀን እንዲህ ደርቆ አይጋገርም። ሁለተኛ፣ የቴርሞስታቱ ማቀፊያ ሲፈታ ውስጡ ባዶ ነበር። ቴርሞስታቱ ወጥቷል። ቴርሞስታት የሌላት መኪና ውሃው ያለ ማቋረጥ ስለሚዞርባት ለአጭር ሙከራ በሜዳ መንገድ ስትነዳ መርፌው ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሻጩ ሙከራውን በሰፈር ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ማስደረጉም ያኔ ትዝ አለው።

መካኒኩ ቁልፉን አንስቶ «ቴስታታውን እናውርደው፣ ጉዳቱን እንየው» አለ። መምህሩ «ቆይ» አለ። ሞተሩ አንዴ ከተፈታ በኋላ የሻጩ መካኒክ የሚያየው የተፈታ ሞተር ነው፤ ማን ምን እንዳደረገበት ማረጋገጥ አይቻልም። እስካሁን የተደረገውን በስልኩ ቀርጿል፤ ዝቃጩን በንጹሕ ጠርሙስ አስቀምጧል፤ ቴስታታው ግን እንደታሸገ ይቆይ።

ማታ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈ። «አጭበርባሪ»፣ «የልጆቼን ጉሮሮ የዘጋህ»፣ «በሕግ እበላሃለሁ» የሚሉ ቃላት ነበሩበት። ሚስቱ አነበበችውና «ይህን ቢደርሰው አንተ ትመልስለት ነበር?» አለችው። ቀደደው።

ቁጣውን ለመግታት ከጨዋነት ሌላ ምክንያትም ነበረው። «አውቀህ ደበቅህ» ማለት መረጋገጥ ያለበት ክስ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ያንን የሚያረጋግጥበት ነገር ገና አልነበረውም። ሻጩ መኪናዋን የያዛት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ቴርሞስታቱን ያወጣው ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ሕጉ ከዚያ አይጀምርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ መሆኑን ዋስትና ይሰጣል፤ ዋስ የሚሆነው ጉድለቱን ስላወቀ ሳይሆን ስለሸጠ ነው። የሻጩ ማወቅ ወሳኝ የሚሆነው ያቺ «አሁን ባለችበት ሁኔታ» የምትል ሐረግ ስትነሳ ነው። ተዋዋዮች ዋስትናውን በውል ሊቀንሱት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ስምምነት አያድነውም። ስለዚህ መምህሩ መክሰሱን ትቶ መጠየቅ ነበረበት።

ገዢም በሕጉ ግዴታ አለበት። ዕቃውን በቶሎ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ምንነቱን ገልጾ ለሻጩ ማሳወቅ። ካሳወቀ በኋላም ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። «ትንሽ ልይና እነግረዋለሁ» ብሎ ወር የሚያሳልፍ ሰው መብቱን በገዛ እጁ እያሳነሰ ነው። በስልክ መጮህም ማሳወቅ ሊባል ይችላል፤ ግን ነገ ማን ይመሰክርለታል?

ረቡዕ ኅዳር 11 የተጻፈው ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ በተሸጠልኝ መኪና ላይ የተገኘ የሞተር ጉድለትን ስለማሳወቅና የጥገና ወጪ ስለመጠየቅ

ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመ ውል መኪናዎን መግዛቴ ይታወሳል። ኅዳር 8 ቀን ከቢሾፍቱ ስመለስ ሞተሩ ከመጠን በላይ ስለሞቀ ወዲያውኑ አቁሜ ወደ ጋራዥ አስጎትቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ አልተነዳችም። ኅዳር 9 ቀን በተደረገ ምርመራ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ራዲያተሩ እንደሚገባ፣ በራዲያተሩና በቱቦዎቹ ውስጥ የደረቀ ዝቃጭ እንዳለ፣ ቴርሞስታቱም ወጥቶ እንደሚገኝ ታይቷል። የምርመራው ጽሑፍና ፎቶግራፎች ተያይዘዋል።

እነዚህ ነገሮች ሞተሩ ሳይፈታና ሩቅ መንገድ ሳይኬድ በመደበኛ እይታ የሚታወቁ አይደሉም። ከርክክቡ በፊት መኪናዋ ሞቃ ታውቅ እንደሆነ፣ ቴርሞስታቱ መቼና ለምን እንደወጣ እንዲገልጹልኝ እጠይቃለሁ።

ቴስታታው እስካሁን አልወረደም። እስከ ኅዳር 21 ቀን ድረስ እርስዎ ወይም የሚያምኑት መካኒክ መጥታችሁ እንድታዩ መኪናዋ ባለችበት ትቆያለች። የጥገናው ወጪ በተያያዘው ፕሮፎርማ መሠረት 59,000 ብር ነው። ይህን እንዲሸፍኑልኝ፣ ወይም እርስዎ በሚመርጡትና በምንስማማበት ጋራዥ እንዲያሠሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከተባለው ቀን መልስ ካላገኘሁ ጥገናውን አሠርቼ መብቴን በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።»

ፕሮፎርማው ተዘርዝሮ ነበር። የጋርኒሲዮን ሙሉ ዕቃ 14,000፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ማስላግ 6,000፣ ቴርሞስታትና የራዲያተር ፈሳሽ 7,500፣ ዘይትና ፊልትሮ 6,500፣ የእጅ ዋጋ 25,000። ከሌላ ጋራዥ የመጣ ሁለተኛ ፕሮፎርማም ተቀራራቢ ነበር። መካኒኩ «ጎማውና የፍሬን ሸራውም አልቋል፣ አብረህ ጠይቅ» ቢለውም መምህሩ አልጨመረም። ጎማ ገና ሲገዛ በዓይኑ ያየው ነገር ነው። የማይገባውን አንድ ብር ቢጨምር፣ የሚገባው 59,000ውም ይጠረጠርበታል።

ሻጩ ቀሪው ላይ ፈርሞ እንዲቀበል ሲጠየቅ እምቢ አለ። መምህሩ አልተከራከረም፤ ፖስታ ቤት ሄዶ በሪኮማንዴ ላከውና ደረሰኙን አስቀመጠ። በቴሌግራምም ፎቶውን ላከለት። ማታ መልስ መጣ፦ «ወንድሜ፣ አይተህ ፈርመህ ነው የገዛኸው። ቴርሞስታት ደግሞ ሁሉም ሰው ያስወጣል። ክረምት ላይ ስትሞቅብኝ መካኒኬ ነው ያወጣው። ይሄ ብልሽት አይባልም።»

መምህሩ መልእክቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አነበበው። ሻጩ ራሱን ሲከላከል፣ መኪናዋ ክረምት ላይ ትሞቅ እንደነበር በገዛ እጁ ጽፏል። «ሌባ» ተብሎ ቢጻፍለት ኖሮ የሚመልሰው ስድብ ነበር፤ ስለተጠየቀ ግን መለሰ። መምህሩ የመልእክቱን ፎቶ አንስቶ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ጋሼ፣ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ፤ እስከ 21 እጠብቅዎታለሁ።»

ኅዳር 19 ሻጩ ከመካኒኩና ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ ጋር ጋራዡ መጣ። መካኒኩ ራዲያተሩን ከፈተ፣ አረፋውን አየ፣ ብዙም አልተናገረ። ሽማግሌው ሁለቱንም አስቀመጡ። ሻጩ «ዘይትና ፊልትሮ የማንም ባለመኪና ወጪ ነው» አለ፤ እውነቱን ነው፣ መምህሩ ተቀበለ። የቀረው 52,500 ብር ነበር። በ50,000 ተስማሙ፤ ግማሹ በዚያው ቀን፣ ግማሹ ከወር በኋላ በባንክ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ፤ መምህሩም ገንዘቡ ተጠናቆ ሲገባ በዚህ ጉዳይ ሌላ ጥያቄ እንደሌለው ፈረመ። ሻጩ ያለ ወረቀት ባልከፈለ፣ ሁለተኛው 25,000 ብርም ያለ ወረቀት ባልመጣ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ሻጩ ያንን መልእክት ባይጽፍ ኖሮ፣ ነገሩ የባለሙያ ምስክርነትና የፍርድ ቤት ምልልስ ይሆን ነበር፤ «አሁን ባለችበት ሁኔታ» የምትለዋ ሐረግም በደንብ ትከብደው ነበር። አድራሻው የማይታወቅ ሻጭ ቢሆን ደብዳቤው ራሱ የሚደርስበት አያገኝም ነበር። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ራዲያተሩን ማስከፈት፣ ዳገት ማስወጣት፣ «ሞተሩ ሞቆ አያውቅም» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ላይ ማስጻፍ ከየትኛውም ደብዳቤ ይሻላል። ሻጩ ያንን ለመጻፍ ካቅማማ፣ ዕቁቡ ኪስ ውስጥ እንዳለ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል።