41.2 በመቶው ከየት መጣ?

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችን ምዕራፍ አራት የሚያገላብጥ ሰው ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፦ «አስተማማኝነት በ1 በመቶ ሲጨምር የደንበኛ እርካታ በ41.2 በመቶ ይጨምራል።» እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ ባንክ አስተማማኝነቱን 3 በመቶ ብቻ አሻሽሎ የደንበኞቹን እርካታ ከእጥፍ በላይ ማድረስ ይችል ነበር። ተማሪው፣ አማካሪው፣ አንዳንዴም ፈታኙ ሳይቀር ሳያስተውሉት ያልፋል።

አንዲት የኤምቢኤ ተማሪ እናስብ። ርዕሷ የአገልግሎት ጥራት በደንበኛ እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው። 200 የባንክ ደንበኞች ከ1 (በፍጹም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ያለውን መጠይቅ ሞሉላት። ዳታውን በክፍያ የሠራላት ልጅ የኤስፒኤስኤሱን ውጤት በፍላሽ ሰጥቷት ሄደ፤ የማብራራቱ ዕዳ የእሷ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው፦

```
R Square = .462   Adjusted R Square = .454

                  B    Std. Error   Beta   Sig.
(Constant)      .912      .231             .000
Reliability     .412      .061      .438   .000
Responsiveness  .187      .070      .176   .008
Tangibles       .058      .055      .063   .293
```

በዲፌንስ ቀን ፈታኙ «.412 ምን?» ብሎ ቢጠይቃት መልሱ ያለው መጠይቁ ላይ ነው። እርካታም አስተማማኝነትም የተለኩት በነጥብ እንጂ በመቶኛ አይደለም። ስለዚህ B የሚለው ዓምድ እንዲህ ይነበባል፦ ምላሽ ሰጪነትና ቁሳዊ ገጽታ እኩል ሆነው ሳሉ፣ ለባንኩ አስተማማኝነት 1 ነጥብ አብልጠው የሰጡ ደንበኞች የእርካታ ነጥባቸው በአማካይ በ0.412 ከፍ ይላል። «እኩል ሆነው ሳሉ» የምትለውን ሐረግ ብዙዎች ይዘሏታል። እሷን መዝለል ግን ሦስቱ ተለዋዋጮች አብረው የተሰሉበትን ምክንያት መጣል ነው።

Beta የሚለው ዓምድ ሥራው ሌላ ነው። ተለዋዋጮቹን በየራሳቸው ስርጭት ለክቶ ያቀርባቸዋል፤ የትኛው ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ የሚታየው እሱ ነው፤ እዚህ .438 ያለው አስተማማኝነት ይቀድማል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከB፣ በሚቀጥለው ከBeta እየቀላቀሉ መጻፍ ፈታኝን የሚያናድድ ልማድ ነው፤ ቢናደድም አይፈረድበትም።

ቀጥሎ Sig. ይመጣል። .000 ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ ሦስት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ከ.0005 ያነሰው ሁሉ .000 ሆኖ ይወጣል፤ በጽሑፉ p < .001 ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙም «99.9 በመቶ እርግጠኞች ነን» አይደለም። በእውነቱ ምንም ግንኙነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ውጤት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድሉ ከሺህ ከአንድ ያነሰ ነበር ማለት ነው።

ተማሪዋን የሚያስጨንቃት ግን .293 ነው። «መላምቴ ወደቀ» ብላ ተለዋዋጩን ከሞዴሉ ማውጣት ያምራታል። ባታወጣው ይሻላል። «ቁሳዊ ገጽታ በእርካታ ላይ ተጽዕኖ የለውም» ብላ መጻፍም አትችልም። ከስህተት መጠኑ ሲሰላ የ95 በመቶው ወሰን በግምት ከ-0.05 እስከ 0.17 ይዘረጋል። ዜሮም ውስጡ አለ፣ ትንሽ ግን ጠቃሚ ተጽዕኖም አለ። ስለዚህ «ሌሎቹ ሁለቱ ከታሳቢ ሲገቡ፣ ይህ ናሙና ለቁሳዊ ገጽታ በቂ ማስረጃ አልሰጠም» ብትል ልክ ትሆናለች።

R Square ላይ ደግሞ «46.2 በመቶ ደንበኞች ረክተዋል» ብሎ የጻፈም አይጠፋም። ቁጥሩ ስለ ረኩት ብዛት ምንም አይናገርም። አንዱ ደንበኛ 2፣ ሌላው 4.5 የሰጡበት ልዩነት አለ፤ ከዚያ ልዩነት 46.2 በመቶው ከሦስቱ ተለዋዋጮች ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀሪው 53.8 በመቶ ያልተጠየቀው ሁሉ ነው፦ የአገልግሎት ክፍያ፣ የቅርንጫፉ ርቀት፣ የመጠይቁ የራሱ ጉድለት። Adjusted የሚለው .454 ለR Square በጣም ቅርብ ስለሆነ ሞዴሉ በተለዋዋጭ ብዛት አልተነፋም። የሰው አመለካከት በሚለካበት ጥናት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ R Squareም አያሳፍርም። ዝቅ ብሎ የወጣውን ለማሳደግ ተለዋዋጭ መደራረብ ነው የሚያሳፍረው።

የመጨረሻው አደጋ ያለው ምዕራፍ አምስት ላይ ነው። መጠይቁ የተሞላው በአንድ ወቅት፣ በአንድ እጅ ነው። በባንኩ የረካ ሰው ሁሉንም ጥያቄ ከፍ አድርጎ ሊሞላ ይችላል፤ ያኔ እርካታው ይቀድማል፣ የአስተማማኝነት ነጥቡ ይከተላል። ሠንጠረዡ ይህንን መለየት አይችልም። ስለዚህ «አስተማማኝነት እርካታን ያመጣል» ከማለት «ከእርካታ ጋር ተያይዞ ይታያል» ማለት ይበቃታል። ምክረ ሐሳቧም ባንኩ አስተማማኝነቱን መጀመሪያ በጥቂት ቅርንጫፎች አሻሽሎ፣ ካላሻሻለባቸው ቅርንጫፎች ጋር እያነጻጸረ እርካታውን በፊትና በኋላ እንዲለካ ቢሆን ከሠንጠረዡ አቅም አያልፍም።