«ለውጥ የለም» የምትለዋ ሳጥን

የማስተርስ የንባብ ዝርዝር ተሰጥቷችሁ ሠላሳ አርባ ጥናት ወደ አንድ ሠንጠረዥ ለማጠፍ የምትታገሉ ካላችሁ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። አብዛኛው ሰው «ደራሲ፣ ዓመት፣ ዘዴ፣ ውጤት» የሚሉ አራት ዓምዶች አስምሮ ከየጥናቱ ማጠቃለያ እየገለበጠ ይሞላል። እኔ ይህን ዓይነት ሠንጠረዥ አላምነውም። ለምን እንደሆነ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ።

የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ድርጅት ለሴቶች ቡድኖች የሚሰጠውን አነስተኛ ብድር ይቀጥል ወይስ ይቁም በሚል ይከራከር ነበር። እሷ ደግሞ በዚሁ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ስለነበር ሠንጠረዧን ለስብሰባው ልታቀርበው አሰበች። መጀመሪያ ለእኔ ላከችልኝ። የንባቧ ዋና አካል በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ የኢኮኖሚክስ መጽሔት በአንድ ዕትም ያወጣቸው ስድስት ጥናቶች ናቸው፦ ከቦስኒያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞንጎሊያና ከሞሮኮ። ስድስቱም በዕጣ የተካሄዱ ናቸው። በውጤት ዓምዷ ላይ «ለውጥ የለም» የሚለው ተደጋግሞ ተጽፏል።

«እንግዲህ ብድር አይጠቅምም ማለት እኮ ነው» አለችኝ።

«ማን ከማን ጋር ተነጻጽሮ?» አልኳት። ሠንጠረዡ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ጥናቶቹ ውስጥ ገባን። በሕንድ ሃይደራባድ ከተማ ዕጣ የወጣው ለሰዎች ሳይሆን ለሰፈሮች ነው፤ ከ104 ሰፈሮች በግማሾቹ አበዳሪው ድርጅት ቅርንጫፍ ከፈተ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ በተከፈተባቸው ሰፈሮች የማይክሮፋይናንስ ብድር ያለው ቤተሰብ 26.7 በመቶ፣ ባልተከፈተባቸው ደግሞ 18.3 በመቶ ነበር። ልዩነቱ 8.4 ብቻ ነው። በሌሎቹም ሰፈሮች ከሌሎች ድርጅቶች ብድር ይገኝ ነበርና። ጥናቱ ያነጻጸረው ግን የተበዳሪዎችን ሳይሆን የመላውን ሰፈር አማካይ ነው።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በምናባዊ ቁጥር ላሳያችሁ። ከ100 ቤተሰብ ብድሩ አዲስ የሆነላቸው 8 ብቻ ይሁኑ፤ የሰፈሩ አማካይ ገቢ ደግሞ በ10 ብር ይጨምር። ጎረቤት ላይ የሚተርፍ ነገር ከሌለ፣ ያ ጭማሪ ለእያንዳንዱ አዲስ ተበዳሪ 125 ብር ነው። 10 ብሯን ግን ከቤተሰብ ቤተሰብ የሚለያየው ገቢ በቀላሉ ይውጣታል፣ ሠንጠረዡም «ለውጥ የለም» ይላል።

ቦስኒያ ላይ ዕጣው የወጣው ለግለሰቦች ነው፤ ብድር ጠይቀው ሊከለከሉ ጫፍ ላይ ለነበሩ ሰዎች። የእኛው ጥናት ደግሞ በ1995 እና 1998 ዓ.ም. መካከል በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች የተደረገ ሲሆን፣ ዕጣው በገበሬ ማኅበር ደረጃ ነው። እዚያ ብድር መውሰድ በሰፊው ጨምሮ ሳለ በአብዛኞቹ የገቢና የኑሮ መለኪያዎች ላይ ግልጽ ለውጥ አልታየም። ይህኛው «ለውጥ የለም» ከሃይደራባዱ ይልቅ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም ብድሩ በእርግጥ ሰው እጅ ገብቷል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጻፍ ልዩነቱን መቅበር ነው።

ከዚያ ሠንጠረዡን እንደገና አሰመርነው። «ዘዴ» የሚለውን ለሦስት ከፈልነው፦ ዕጣው ለማን ወጣ፣ ማነጻጸሪያው ቡድን ምን ነበረው፣ በሁለቱ መካከል የተበዳሪ ልዩነት ስንት ነው። በውጤት ዓምድ ውስጥ «ጨመረ» ወይም «የለም» የሚለውን ቃል ከልክለን ግምቱን፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዳርቻውን፣ እንዲሁም ቁጥሩ የተወሰደበትን ገጽ አስገባን። ዳርቻው ዜሮን ቢያቅፍም ትልቅ ጭማሪንም ካቀፈ «አልታወቀም» ይባላል፤ በዜሮ ዙሪያ ከጠበበ ግን «ለውጡ ቢኖርም ትንሽ ነው» ማለት ይቻላል።

አንድ ረድፍም አንድ ጥናት ሳይሆን አንድ ንጽጽር ሆነ። ሞንጎሊያ ላይ የቡድንና የግለሰብ ብድር ለየብቻ ስለተሞከሩ ሁለት ረድፍ ያዘ። የቡድኑ ብድር የሴቶችን ንግድና የቤተሰብን የምግብ ፍጆታ ከፍ ሲያደርግ የግለሰቡ አላደረገም፤ በአንድ ረድፍ ቢጻፍ «ድብልቅ» ተብሎ ይቀር ነበር። ሃይደራባድ ደግሞ በተቃራኒው ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ነበር፤ ከመታተሙ ከዓመታት በፊት ረቂቁ ተሰራጭቷልና።

የመጨረሻው ዓምድ ማስታወሻ ነው፤ ጥናቱን ማሞገሻ ሳይሆን «ከላይኛው ረድፍ የሚለየው በምንድን ነው?» ለሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር መልስ መስጫ።

ሲያልቅ ረድፎቹን በተበዳሪ ልዩነት ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። «ለውጥ የለም» የሚሉት ልዩነቱ ትንሽ የሆነበት አካባቢ ከተከማቹ፣ ያነበባችሁት ስለ ብድር ሳይሆን ስለ ጥናቱ የማየት አቅም ሊሆን ይችላል።

እህቴ ለስብሰባው ያቀረበችው ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «በእነዚህ ጥናቶች ብድር አማካይ ቤተሰብን ከድህነት አላወጣም፤ ለተበዳሪዋ ራሷ ምን እንዳደረገ ግን ግማሾቹ ሊነግሩን አይችሉም።» ብድሩ ይቁም ለሚለውም ይቀጥል ለሚለውም የሚመች አልነበረም። ጥናቶቹ የሚሉት ግን እሱን ነው።