«ከ2020 ጀምሮ በእምነት»

ሰዎች የቴሌግራም ሱቅ ሊንክ ሲልኩልኝ የሚጠይቁኝ ስለ ዕቃው ነው። «ኦሪጅናል ይመስልሻል?» ይሉኛል ፎቶውን አጉልተው። እኔ ፎቶው ላይ ብዙ አልቆይም። የሌላ ሱቅ ፎቶ ወስዶ የራስን አርማ መለጠፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዋጋውም ቢሆን ያስጠረጥረኛል እንጂ አይበቃኝም፤ ብር ቸግሮት በእውነት አርክሶ የሚሸጥ ሰውም አለና። የምፈልገውን የማገኘው ከአካውንቱ ነው። መቼ ተከፈተ? በመሀል ምን ሆነ? ከገዙት ሰዎች ጋርስ ምን ተባባለ?

ይሄን ማንም የሚሰጠው ምክር ነው፦ የቆየ አካውንት እይ፣ ኮሜንት አንብብ። ችግሩ ምክሩን ሻጮቹም ሰምተውታል። ዕድሜ ከተፈለገ ዕድሜ ያለው ቻናል ይገዛል፤ ቴሌግራም የቻናልን ባለቤትነት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይፈቅዳል። ምስጋና ከተፈለገም ምስጋና ይጻፋል። ስለዚህ ዕድሜው ስንት ነው፣ ኮሜንቱ ስንት ነው ብሎ መቁጠር ብቻውን ዋጋ የለውም። መታየት ያለበት ታሪኩ የአንድ ሱቅ ታሪክ መሆኑ ነው። እንዴት እንደሚታይ በአንድ ቻናል ላሳያችሁ።

የአክስቴ ልጅ ሠርግና ልደት በስልክ እየቀረጸ ለቲክቶክ የሚያቀናብር ልጅ ነው። የሚሠራበት ስልክ ደክሞበታል። ዕቁብ ወጥቶለት እጁ ላይ ሃያ ሺህ ብር አካባቢ ሲገባ አንድ ሊንክ ላከልኝ፦ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ፣ 512 ጂቢ፣ «ኦሪጅናል፣ ከዱባይ የገባ»፣ 18,500 ብር። የጠየቅናቸው ሱቆች ያገለገለውን እንኳ ከዚህ ዋጋ በአራት እጥፍ ነበር የሚሸጡት። ቻናሉ 38 ሺህ አባላት አሉት። ከላይ «ከ2020 ጀምሮ በእምነት» ይላል። «አያችሁ፣ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ነው» አለኝ። ማታ ላረጋግጥልህ አልኩት። «አንቺ ደሞ ታበዢዋለሽ» ብሎ ሳቀ።

መጀመሪያ ወደ ታች ወረድኩ። ቴሌግራም ላይ መልእክቶቹን ስታንሸራትቱ ከላይ ቀን ብቅ ይላል። እሱን ስትነኩት ካላንደር ይከፈታል፤ እዛ ላይ ወደ መጀመሪያው ወር መሄድ ነው። እውነትም ቻናሉ በፈረንጆቹ 2020 የተከፈተ ነው። ግን በ2020 የተለጠፈው ስልክ አልነበረም። የትርጉም ፊልም ነበር፤ ፖስተር፣ «ክፍል 2 ማታ ይለቀቃል» ምናምን። እስከ 2023 ድረስ ፊልም ብቻ ነው። ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ የመጣችው የመጀመሪያ ነገር መሀል ላይ በትንሹ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፤ የቻናሉ ስም መቀየሩን ታሳውቃለች። ከእሷ በታች ስልክ በስልክ ነው። መስመሯን ካየኋት ቀን አንስቶ ወደ ኋላ ስቆጥር አምስት ሳምንት ሆነ። የአምስት ዓመቱ ሱቅ ዕድሜው አምስት ሳምንት ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን የስም ለውጥ ማስታወቂያ ባለቤቱ ሊያጠፋው ይችላል፤ ስላላያችሁት አልነበረም አትበሉ። ፊልሞቹን ግን አያጠፋም፤ ዕድሜው የተሠራው ከእነሱ ነዋ። ቆርጦ የሚሸጠው ያንን ቀን ነው። አባላቱም አብረው የተገዙ ናቸው። 38 ሺህ ሰው ባለበት ቻናል ላይ አንዱን ስልክ ያየው ሰው፣ ከዓይኗ ምልክት አጠገብ ያለው ቁጥር እንደሚለው፣ 700 አካባቢ ነበር። ፊልም ፈልጎ የገባ ሰው ስልክ ሲለጠፍለት ከፍቶ አያይም። የእይታ ቁጥርም ይገዛል፤ ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ምንም አያረጋግጥልኝም ነበር። ዝቅ ማለቱ ግን ከታሪኩ ጋር ይገጥማል።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ይሄ ሥራ ይቀላል። የፌስቡክ ገጽ ላይ «Page transparency» የሚለውን ስትከፍቱ ገጹ የተፈጠረበትን ቀንና የተቀየረ ስም ካለ ታያላችሁ። ኢንስታግራም «About this account» የሚል አለው። ቴሌግራም እንዲህ ሰብስቦ አያሳይም፤ እራሳችሁ ነው የምትቆፍሩት።

ሁለተኛው ነገር የጠፋውን መቁጠር ነው። ቴሌግራም ላይ የማንኛውንም ፖስት ሊንክ ኮፒ ብታደርጉ መጨረሻው ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በተራ ነው የሚሄደው፤ ፖስት ሲጠፋ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። የመጀመሪያው ስልክ ቁጥሩ 2482 ነበር፣ የመጨረሻው 2655። በመሀሉ 174 መልእክት ተለጥፏል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አንድ አልበም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፎቶ የራሱን ቁጥር ይይዛል፣ ስለዚህ አምስት ፎቶ ያለው ፖስት አምስት ቁጥር ይበላል። ያንን አስቤ አንድ በአንድ ስቆጥር የሚታየው 44 ብቻ ሆነ። 130 ጠፍቷል።

ይሄ ለብቻው ወንጀል አይደለም። ዕቃው ሲሸጥ ፖስቱን የሚያጠፋ ታማኝ ሻጭ አለ። ብዙዎቹ ግን «ተሽጧል» ብለው ይተዉታል፤ ሥራ እንዳላቸው ያሳይላቸዋላ። በአምስት ሳምንት 130 ነገር ያጠፋ ሰው ምን እንደለጠፈ አላውቅም፤ እንዲታይ አለመፈለጉን ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ ደንበኞቹ ሄድኩ። ቻናሉ ላይ «የደንበኞቻችን አስተያየት» የሚሉ ስክሪንሹቶች አሉ፤ «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ታማኝ ናችሁ»። ስክሪንሹት ሳይ ጽሑፉን መጨረሻ ነው የማነበው። መጀመሪያ የማየው የስልኩን ጫፍ ነው፤ ሰዓቱንና ባትሪውን። ስድስት ስክሪንሹት በሦስት ሳምንት ውስጥ በተለያየ ቀን ተለጥፏል። ስድስቱም ላይ ባትሪው 63 ነው፣ ሰዓቱም ከ9:41 እስከ 9:48። ስድስት ደንበኛ በሰባት ደቂቃ ውስጥ አመስግኖታል፤ እሱ ደግሞ ለሦስት ሳምንት አከፋፍሎ ለጥፎታል።

የፖስቶቹ ኮሜንት ክፍት ነበር። ሃያ ሰላሳ ምስጋና አለ፣ አንዱም ግን ስለ ዕቃው ምንም አይልም። ስልክ የገዛ ሰው እንደዛ አይጽፍም። «ቻርጀር የለውም እንዴ?» ይላል። «ትናንት የወሰድኩት ሁለተኛውን ሲም አያነብልኝም» ይላል። ደህና ሻጭ ከሆነ ከሥሩ «ነገ ይዘኸው ና፣ እንቀይርልሃለን» የሚል ታገኛላችሁ፤ በማግስቱም ሰውዬው «ቀየሩልኝ» ወይ «ኧረ አልቀየሩልኝም» ብሎ ይመለሳል። ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል። ቅሬታ ያለበት ኮሜንት ሳይ የምረጋጋው ለዚህ ነው፤ ዕቃ በእውነት እጅ መቀየሩን ያሳየኛል።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ ግን አንድ አጭር መልስ ነው። አንድ ልጅ «እኔም እንደዛው ነው የደረሰኝ» ብሎ ጽፏል። ለማን ነው የመለሰው ብዬ ከላዩ ሳይ «Deleted message» ይላል። ቅሬታው ጠፍቷል፣ መልሱ ተረስቶ ቀርቷል። ኮሜንት የሚያጸዳ ሰው ቅሬታውን ያያል እንጂ ለቅሬታው የተሰጠውን መልስ ሁሌ አያስታውስም። እንዲህ ያሉ ባለቤት የሌላቸው መልሶችን ፈልጉ፤ «አዎ እኔንም»፣ «ታዲያ መለሱልህ?» የሚሉትን።

ለልጁ በግል ጻፍኩለት። መልስ ለመስጠት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ስልኩን ሞተረኛ ነው ያመጣለት፤ ብሩን በቴሌብር ካልላክ ካርቶኑን አልከፍትም ብሎታል። ሴቲንግ ውስጥ 512 ጂቢ ይላል፣ ግን ጥቂት ቪዲዮ ከቀረጸ በኋላ ፋይሎቹ አልከፈት አሉት። ኮፒ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው፤ የሚታየው ቁጥር የተጻፈ እንጂ ያለ ቦታ አይደለም። ሠርግ ለሚቀርጽ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሙሽሮቹ ሁለተኛ አይጋቡለትም። ልጁ ኮሜንት ላይ ሲጽፍ ብሎክ ተደረገ። የሚያመሰግኑትን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልሰማም ነበር፤ ከጠየቃችሁ የከፋውን ጠይቁ።

በመጨረሻ እኔም አንድ ጥያቄ ኮሜንት ላይ ጣልኩ፣ ያለ ስድብ፣ ያለ ክስ፦ «ኮፒ ሆኖ ከተገኘ ብር ትመልሳላችሁ? ከፍዬ ሳልጨርስ ከፍቼ ማየትስ እችላለሁ?» ከ40 ደቂቃ በኋላ ጥያቄው የለም፣ እኔም መጻፍ አልችልም። ማንኛውም ሱቅ በቀን አሥር ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ሁሉንም ለአክስቴ ልጅ በተራ ላኩለት። ምንም አላለኝም፤ ሳምንት ቆይቶ ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ኤ ሲሪየስ ጋላክሲ ቆሞ፣ ቀርጾበት፣ ከፍሎ ወሰደ።

ይሄ ዘዴ የማያሳየውም አለ። አካውንቱ ስለ ሰውዬው እንጂ ስለ ዕቃው አይናገርም። አራት ዓመት ሙሉ በሐቅ የሠራ ሻጭ ዛሬ ከአስመጪ የተቀበለው ኮፒ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ራሱ ተሸውዶ ሊሆን ይችላል። የሱ ታሪክ የሚጠቅማችሁ ዕቃው ሲበላሽ ነው፤ ያጠፋውን የሚመልስ ሰው መሆኑን ቀድማችሁ አይታችኋልና። ትንንሽ ቻናል ይዘው «ኮፒ ነው፣ ዋስትና የለውም» ብለው በግልጽ የሚሸጡም አሉ፤ ዋጋው ረከሰ ብሎ እነሱን ከዚህኛው ጋር አንድ ማድረግ አይገባም።

ደግሞም አዲስ የከፈተ ሁሉ ሌባ አይደለም። ሱቅ ሁሉ አንድ ቀን ይጀመራል። ሁለት ወር የሆነው ቻናል፣ 140 አባላት፣ ሦስት ኮሜንት፣ አንዱ ቅሬታ ቢሆን፣ ከተገዛው 38 ሺህ ይልቅ እሱን እሰማዋለሁ። እሱ ግን ገና ታሪክ የለውምና የሚያየው ብር እጄ ላይ ያለውን ነው፦ በአካል እንገናኝ፣ ካርቶኑ ይከፈት፣ ቪዲዮ ይቀረጽበት፣ ከዚያ ይከፈለው። ይሄን እምቢ ካለ የአካውንቱን ዕድሜ ማየትም አያስፈልግም።